ከሶሻል ሚዲያ ስንት ትእዛዝ ይምጣ? ለትንሽ ሱቅ የሚለካ ግብ አወጣጥ

ሱቅ ወይም ስፌት ቤት ያላቸው ሰዎች ደጋግመው አንድ ጥያቄ ያመጡልኛል። «ስንት ፎሎወር ሲኖረኝ ነው ሽያጭ የሚጀምርልኝ?» ይላሉ። በፎሎወር ብዛትና በሽያጭ መካከል ቋሚ ስሌት ስለሌለ ለዚህ የሚሰጥ ቁጥር የለም። ቲክቶክ ቪዲዮዎን ፎሎው ላላደረገ ሰውም ያሳያል። ቴሌግራም ቻናል ውስጥ ደግሞ ድምፁን ዘግቶ ወራት የሚቀመጥ አባል ሞልቷል። ስለዚህ የምንጀምረው ከሌላኛው ጫፍ፣ ከብሩ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ደረጃ በደረጃ የሚሠራ ነው። ሲጨርሱ እጅዎ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይቀራል፦ በዚህ ወር፣ ከዚህ ቦታ፣ ይህን ያህል ጠያቂ፣ ይህን ያህል ቀብድ። ምሳሌ እንዲሆነን የሐበሻ ቀሚስ በትእዛዝ የምታሠራ አንዲት ባለሱቅ እንውሰድ። በቴሌግራም ቻናል፣ በቲክቶክና በፌስቡክ ትሸጣለች። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተቀመጡ ናቸው፤ በራስዎ ቁጥር ይተኳቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ደብተር ወይም በስልክ የሚከፈት ጉግል ሺት። ደብተሩ ይበቃል።
- የእያንዳንዱ ዕቃ ወጪ ዝርዝር።
- የቴሌብርና የባንክ ሂሳብዎን የሚያዩበት ስልክ።
- ፎቶ ላይ ጽሑፍ የሚጽፍ ማንኛውም መተግበሪያ።
- አንድ ኃላፊ። ለሜሴጅ የሚመልሱት ሁለት ሰዎች ቢሆኑም ደብተሩን የሚሞላው አንድ ሰው ይሁን።
- ለመነሻው ቆጠራ አራት ሳምንት፣ ከዚያም አንድ ተጨማሪ ሳምንት።

1. ከአንድ ሽያጭ እጅዎ ላይ የሚቀረውን ብር ያስሉ

የእኛ ባለሱቅ አንዱን ቀሚስ በ8,000 ብር ትሸጣለች እንበል። ለሸማኔው 3,200፣ ለስፌትና ለጥልፍ 1,900፣ ለማሸጊያና ለማድረሻ 400 ትከፍላለች። ድምሩ 5,500 ነው። እጇ ላይ የሚቀረው 2,500 ብር ነው። የሱቅ ኪራይ እዚህ ውስጥ አይገባም፤ ቀሚሱ ቢሸጥም ባይሸጥም የሚከፈል ነውና።

ይህን ቁጥር ሳያውቁ «በወር 10 ትእዛዝ» ቢሉ፣ 10 ትእዛዙ ምን እንደሚያመጣልዎ አያውቁም። ቅናሽ ሲያደርጉም ያታልልዎታል። የ500 ብር ቅናሽ ከ8,000 ላይ ትንሽ ይመስላል። ከ2,500 ላይ ሲታይ ግን አንድ አምስተኛው ሄዷል።

ብዙ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ከሆነ በብዛት የሚሄዱትን ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ያስሉ። ለመጀመር እነሱ ይበቃሉ።

2. «የምር ጠያቂ» ማን እንደሆነ አስቀድመው ይወስኑ

ኮሜንት ላይ «ዋጋ?» ብሎ የሚያልፍ ሰው አለ። ጓደኛዋን ታግ አድርጋ «ይሄ ላንቺ» የምትልም አለች። እነዚህን ሁሉ ጠያቂ ብለው ከቆጠሩ ቁጥሩ ያምራል፤ ስለ ሽያጭ ግን ምንም አይነግርዎትም። ስለዚህ መስፈርቱን በጽሑፍ ያስቀምጡ። ለቀሚስ ሱቋ እንዲህ ይሁን። ከሦስቱ አንዱን ያደረገች የምር ጠያቂ ናት፦

- ልኳን የላከች፣
- የምትፈልግበትን ቀን የነገረች፤ «ለጥር 20 ሠርግ ነው» ያለች፣
- አድራሻ ጠይቃ መጥታ ለማየት ቀን የያዘች።

ቀጥሎ ሽያጭ የሚባለው ምን እንደሆነ ይወስኑ። በትእዛዝ ለሚሠራ ዕቃ ሽያጭ ማለት ቀብድ ሲገባ ነው። «እሺ እወስደዋለሁ»፣ «ነገ እልካለሁ»፣ «ያዥልኝ» አይቆጠሩም። ሸማኔው ሥራ የሚጀምረው በቀብዱ እንደሆነ ሁሉ፣ ደብተሩም በቀብዱ ይንቀሳቀስ። ቀብድ ለማይቀበል ሱቅ ሽያጭ የሚባለው ዕቃው ተረክቦ ሙሉ ክፍያ ሲገባ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የክፍያ ስክሪንሾት ክፍያ አይደለም። የተቀነባበረ ደረሰኝ መላክ የተለመደ ማጭበርበር ነው። ብሩ በራስዎ ሂሳብ ላይ ሳይታይ ደብተሩ ላይ «ቀብድ» ብለው አይጻፉ፣ ጨርቅም አይቁረጡ።

3. ጠያቂው ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ምልክት ያድርጉ

ገዢ ፎቶውን ስክሪንሾት አንስቶ «ይሄ ስንት ነው?» ብሎ ይልካል። ወይም የጓደኛው ጓደኛ ፎርዋርድ ያደረገለትን ይልካል። ጽሑፉ አብሮ ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ ኮዱን ከሥር በሚጻፈው ጽሑፍ ላይ ሳይሆን ፎቶው ላይ ይጻፉት። ጥግ ላይ ቢጽፉት ተቆርጦ ሊቀር ይችላል። ቀሚሱ ጫፍ አጠገብ በትንሹ ይጻፉት።

ያው ቀሚስ በሦስቱም ቦታ ሲለጠፍ የፊደሉ መነሻ ይለያይ። ቴሌግራም ላይ «ቴ14»፣ ቲክቶክ ላይ «ቲ14»፣ ፌስቡክ ላይ «ፌ14»። 14 የቀሚሱ ቁጥር ነው። ስክሪንሾቱ ሲደርስዎ የትኛው ቀሚስ እንደሆነም፣ ከየት እንደታየም በአንዴ ያውቃሉ። «ያ ነጩ፣ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነው» እየተባለ የሚፈጀው ጊዜም ይቀራል።

ቲክቶክ ፕሮፋይልዎ ላይ ለሚያስቀምጡት ሊንክ ደግሞ ጽሑፍ ቀድሞ የሚሞላ ሊንክ ይጠቀሙ። ሰውየው ሲነካው «TT» የሚለው የመልእክት ሳጥኑ ውስጥ ተጽፎ ይጠብቀዋል፦

```
https://t.me/YOURSHOP?text=TT
https://wa.me/2519XXXXXXXX?text=TT
```

በመጀመሪያው ላይ የቻናሉን ሳይሆን የራስዎን የቴሌግራም ዩዘርኔም ያስገቡ። በሁለተኛው ላይ ስልክዎን ያለ 0 እና ያለ + ከ251 ጀምረው ይጻፉ። ሰው ጽሑፉን አጥፍቶ ሌላ ሊጽፍ ይችላል፤ ስለዚህ ሊንኩ ብቻውን አይበቃም።

ለሚደውል ሰው መጠየቅ ብቻ ነው ያለው። ግን ገና ስልኩ ሲነሳ «ከየት አይተውን ነው?» አይበሉ፤ የቢሮ ምርመራ ይመስላል። ልኩንና ቀኑን ከተነጋገሩ በኋላ «ለመሆኑ የት ነው ያዩት?» ይበሉ። ሰው ያኔ ዘና ብሎ ይናገራል።

4. ምንም ሳይቀይሩ አራት ሳምንት ይቁጠሩ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። አሁን የት እንዳሉ ሳያውቁ የሚያወጡት ግብ ምኞት ነው የሚሆነው። በእነዚህ አራት ሳምንታት እንደወትሮው ይለጥፉ፣ እንደወትሮው ይመልሱ። አዲስ ቅናሽ አይጀምሩ። ዋጋን «በውስጥ መስመር» ይሉ ከነበረ እንደዚያው ይቀጥሉ። ዋጋውን ፎቶው ላይ መጻፍ ከጀመሩ «ዋጋ?» የሚለው ሰው ይቀንሳል፤ ቆጠራዎም መሐል ላይ ይበላሻል።

የደብተሩ አንድ መስመር እንዲህ ይመስላል፦

| ቀን | ኮድ | የጠየቀችበት | የመለስንበት | የምር? | ቀብድ | ለምን ቀረ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ጥቅምት 9 | ቴ14 | ማታ 3፡10 | በማግስቱ ጠዋት 4፡30 | አዎ፣ ልክ ልካለች | የለም | ዘግይተን መለስን |

ከሁሉም የሚጠቅመው «ለምን ቀረ» የሚለው ነው። አጭር ይሁን፦ ዋጋ፣ ቀን አይደርስም፣ ዘግይተን መለስን፣ ዝም አለች። ረጅም ታሪክ ከጻፉ፣ ኋላ ላይ መቁጠር ያስቸግራል። ዘግይቶ ለመጣ መልስ ሌላ ምክንያት መፈለግም አይገባም። በማግስቱ ከመለሱ በኋላ ዝም ካለች «ዘግይተን መለስን» ብለው ይጻፉ።

አራቱ ሳምንታት ሲያልቁ አንድ ሳምንት ይጠብቁ። በመጨረሻው ሳምንት የጠየቁት ገና አልወሰኑም። ያኔውኑ ከዘጉት የጠያቂው ቁጥር ሙሉ ሆኖ የቀብዱ ቁጥር ጎዶሎ ይሆናል።

የባለሱቋ የጥቅምት ደብተር ይህን አሳየ እንበል፦

| | የጠየቀ ሁሉ | የምር ጠያቂ | ቀብድ |
|---|---|---|---|
| ቲክቶክ | 62 | 11 | 1 |
| ቴሌግራም | 20 | 15 | 4 |
| ፌስቡክ | 8 | 4 | 1 |
| ድምር | 90 | 30 | 6 |

ከ30 የምር ጠያቂ 6ቱ ቀብድ ከፈሉ፤ ከአምስት አንድ ማለት ነው። 24ቱ ቀርተዋል። ከእነሱ 9ኙ ዘግይቶ ስለተመለሰላቸው፣ 6ቱ በዋጋ፣ 4ቱ ቀኑ ስለማይደርስ፣ 5ቱ ደግሞ እንዲሁ ዝም ብለው።

ቲክቶክን ከዚህ ተነስተው አይዝጉት። 62 ጠያቂ አምጥቶ አንድ ቀብድ ማግኘቱ ያናድዳል፤ ግን ቲክቶክ ላይ አይቶ ቴሌግራም ገብቶ የሚያዝ ሰው ይኖራል። «የት ነው ያዩት?» የሚለው ጥያቄ ለዚህ ነው። ደግሞም ቁጥሩ ትንሽ ነው። በ1 እና በ2 ቀብድ መካከል ያለው ልዩነት አጋጣሚ ሊሆን ይችላል።

5. ከብሩ ወደ ኋላ ያስሉ

ባለሱቋ በኅዳር ከሶሻል ሚዲያ 25,000 ብር እጇ ላይ እንዲቀር ትፈልጋለች። አሁን የሚቀርላት 6 ጊዜ 2,500፣ ማለትም 15,000 ነው።

25,000 ለ2,500 ሲካፈል 10 ቀሚስ ይመጣል። ከአምስት አንዱ ብቻ ቀብድ የሚከፍል ከሆነ 10 ቀብድ ለማግኘት 50 የምር ጠያቂ ያስፈልጋል። ከ30 ወደ 50 መድረስ በአንድ ወር ከባድ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ወደ ፎሎወር ይመለሳሉ፤ ብዙ ሰው ካየን ብዙ ይጠይቃል ብለው።

ከዚያ በፊት «ለምን ቀረ» የሚለውን ያንብቡ። 9 ሰው የቀረው መልስ ስለዘገየ ነው። ቶሎ ቢመለስላቸው ኖሮ ከዘጠኙ ሁለቱ እንኳ ቀብድ ቢከፍሉ 6ቱ 8 ይሆኑ ነበር። ከ30 ላይ 8 ማለት ከአራት አንድ ገደማ ነው። በዚህ ሂሳብ ለ10 ቀብድ 40 የምር ጠያቂ ይበቃል። መልስ በማፍጠን ብቻ 10 ጠያቂ ከመፈለግ ተገላገለች። ብር አላወጣችም፣ ዳንስ ያለበት ቪዲዮም አልሠራችም።

አሁን አቅምን ይጠይቁ። ሰፊው በሳምንት 3 ቀሚስ ከጨረሰ በወር 12 ይወጣል፤ 10ሩ ይቻላል። ሱቁ ገብተው የሚያዙ ሰዎች ግን ከእነዚያ 12 ውስጥ አምስቱን የሚወስዱ ከሆነ ለሶሻል ሚዲያው የሚተርፈው 7 ነው። ያኔ ወይ ግቡን ወደ 7 ማውረድ ወይ ሁለተኛ ሰፊ መፈለግ ነው። ቀብድ ተቀብሎ ለሠርግ ቀን ያላደረሰ ሱቅ በኮሜንት ምን እንደሚባል ያውቁታል።

6. ግቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

የባለሱቋ ግብ ይህ ነው፦

«ከኅዳር 1 እስከ ኅዳር 30 ከቴሌግራም፣ ከቲክቶክና ከፌስቡክ 40 የምር ጠያቂ አግኝተን ከእነሱ 10 ቀብድ እንቀበላለን፤ ከጠዋቱ 2 እስከ ማታ 3 ሰዓት ለሚመጣ ጥያቄ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንመልሳለን።»

የመጨረሻው ሐረግ ለምን ገባ? ከአምስት አንድ ወደ ከአራት አንድ የምንሸጋገረው በእሱ ስለሆነ ነው። ከግቡ ውስጥ ካልተጻፈ በሁለተኛው ሳምንት ይረሳል። የሌሊቱን ጥያቄ ለመመለስ ቃል አይግቡ፤ ከማታ 3 ሰዓት በኋላ ለሚመጣው «ጠዋት ዋጋና ቀን እንልክልዎታለን» የሚል አጭር መልስ ይበቃል።

ማስታወቂያ የሚከፍሉ ከሆነ ጣሪያውንም ያክሉበት። ከ2,500ው ስንቱን ለማስታወቂያ ለመስጠት ፈቃደኛ ነዎት? 500 ካሉ፣ 3,000 ብር ያወጡበት ማስታወቂያ ቢያንስ 6 ቀብድ ማምጣት አለበት። 2 ብቻ ካመጣ በአንድ ቀሚስ 1,500 ከፍለዋል፤ የቀረዎት 1,000 ነው። ፖስቱ በሺህ የሚቆጠር ላይክ ቢያገኝም ይህ ሂሳብ አይለወጥም።

ማስጠንቀቂያ፦ ማስታወቂያ ሲያዙ ፌስቡክ ዓላማዎን ይጠይቅዎታል። የፔጅ ላይክ ከመረጡ ላይክ የሚያደርጉ ሰዎችን ፈልጎ ያመጣል፤ ያዘዙት እሱን ነውና። ሜሴጅን ይምረጡ። ሪፖርቱ ላይ «40 ውይይት ተጀምሯል» የሚለውን ግን እንደ 40 የምር ጠያቂ አይውሰዱት። ዝግጁ የሆነውን ጥያቄ ነክቶ የጠፋም እዚያ ውስጥ አለ። በደረጃ 2 መስፈርት ራስዎ ይቁጠሩ።

7. በየሳምንቱ አንድ ቀን ይዩ

40 ጠያቂ ለአራት ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 10 ነው፤ ቀብዱ ከ2 እስከ 3። ቅዳሜ ማታ ሱቅ ሲዘጋ ደብተሩን ይክፈቱ። ሁለት ነገር ብቻ ይመልከቱ።

የምር ጠያቂው ጎድሎ፣ ከጠየቁት ውስጥ የሚከፍሉት ግን ከአራት አንድ ከሆኑ ችግሩ የሚለጠፈው ላይ ነው። ብዙ የምር ጠያቂ ያመጣው የትኛው ኮድ እንደሆነ ይዩ። ቴ14 አምስት ሰው ካመጣ ያንኑ ቀሚስ በሌላ ቀለም፣ ለብሳው በምትታይ ሴት ላይ፣ ከጀርባም ጭምር አንስተው ይለጥፉ።

ጠያቂው ሞልቶ ቀብዱ ከጎደለ ፖስት መጨመር አይረዳም። ችግሩ ከሜሴጁ በኋላ ነው፦ የመልስ ፍጥነት፣ የሚደርስበት ቀን፣ ዋጋው የሚነገርበት መንገድ። «ለምን ቀረ» ላይ በብዛት የተጻፈውን አንዱን ብቻ ይነካኩ። ሁለት ነገር አብረው ከቀየሩ የትኛው እንደሠራ አያውቁም።

በአንድ ሳምንት ቁጥር አይደናገጡ። አንድ ሳምንት 1 ቀብድ፣ ቀጣዩ 4 ሊሆን ይችላል። ሁለት ሳምንት በተከታታይ ሲጎድል ነው መንካት ያለብዎት።

በብዛት የሚሠሩ ስህተቶች

*የማይመሳሰሉ ወራትን ማወዳደር።* የጥር ሠርግ ወቅት ከዐቢይ ጾም ጋር አይወዳደርም። በሁዳዴ ሠርግ ስለሌለ ትእዛዙ ይወርዳል፤ ሥራዎ ስለተበላሸ አይደለም። ለምሳሌው ጥቅምትንና ኅዳርን የመረጥኩት ሁለቱም በመስቀልና በጥምቀት መካከል ስለሆኑ ነው። ጫማ ወይም የቤት ዕቃ የሚሸጥ ሰው የራሱን ወቅት ያውቃል።

*የመተግበሪያውን ቀን ከደብተሩ ጋር ማቀላቀል።* ሪፖርቶቹ የሚወጡት በፈረንጅ ቀን፣ ብዙ ጊዜም «ያለፉት 28 ቀናት» እየተባለ ነው። የእርስዎ ወር 30 ቀን ነው። ማስታወቂያ የከፈሉበትን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ደብተሩ ላይ ይጻፉ።

*አንድን ሰው ሁለቴ መቁጠር።* ቲክቶክ ኮሜንት ላይ ጠይቃ፣ ቴሌግራም መጥታ፣ በመጨረሻ የደወለች አንድ ሰው ናት። ስልኳን እንዳገኙ መስመሮቹን ወደ አንድ ያዋህዱ፤ መጀመሪያ ያየችበትን ቦታ ብቻ ይያዙ።

*በመሐል መስፈርት ማላላት።* ወሩ ሊያልቅ ሲል 31 ጠያቂ ላይ ከሆኑ፣ «ቀለም የጠየቀችውም ትቆጠር» ማለት ያምራል። መስፈርቱ የሚቀየረው አዲስ ወር ሲጀመር ብቻ ነው። የቀድሞውንም ወር በአዲሱ መስፈርት እንደገና ይቁጠሩት።

*የውጭ አገር ትእዛዝን አብሮ መደመር።* ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የሚያዙ ሰዎች የሚጽፉት እርስዎ በተኙበት ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የሚከፍልላቸው አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ነው፤ ዕቃውም በሰው ይላካል። ቀብዱ ዘግይቶ ይገባል፤ የማድረሻ ወጪውም 400 ብር ላይሆን ይችላል። ለእነሱ ደብተሩ ላይ የተለየ ገጽ ይክፈቱ፣ የሚቀረውንም ብር ለብቻው ያስሉ። በወር ሦስት ወይም አራት ብቻ ከሆኑ የራሳቸው ግብ አያስፈልጋቸውም፤ ከ10ሩ ውስጥ ግን አያስገቧቸው።